ከስንት ላይ?

ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራችሁ ነበር። ማስታወሻው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ ግን አልሆነልኝም። አንዲት ጥያቄ ከሰሞኑ ከጆሮዬ አልወጣ ብላለች።

ባለፈው የፕሮግራሜ ክፍል ስለ ወሊድ መከላከያ እንክብል ያወራሁትን ታስታውሳላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛው ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ ያህል እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ኮሚቴው ለሐኪሞች የላከው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብዙዎቹን ሳይደርሳቸው ዜናው ተሰራጨ። እጥፍ የተባለው ግን፣ ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ችግር ሁለት ሴቶችን ያገኛል ማለት ነበር። «እጥፍ ብሎ ብቻ የጻፈ ጋዜጠኛ ላዕሉን ነግሮ ታህቱን ደብቋል» ብዬ ነበር። አሁንም ከዚያ ቃሌ አልመለስም።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። «በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ ተመዘገበ» አልኩና ለጥቂት ሰከንድ ዝም አልኩ። ዝምታውን አስቤበት ነው ያስቀመጥኩት። ቁጥሩ እንዲከብድ ፈልጌ ነበር። ከክፍሉም ጋር ሁለት ዓምድ ያለው ግራፍ አወጣሁ፤ 1995 አጭር፣ 1996 ረጅም።

ቀይ እርሳስ የማይለያቸውን አርታኢዬን ታውቋቸዋላችሁ። ግራፉን በወረቀት አትመው ነው የጠበቁኝ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እርሳሱን ግን እንደ ወትሮው ቁጥሩ ላይ አላሳረፉም። ወደ ታች ወረዱና የቋሚውን መስመር እግር ነኩ።

«ይህ ከስንት ይጀምራል?»

«ከ150,000።»

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እሺ፤ 13 ሺሁስ፣ ልጄ፣ ከስንት ላይ ነው የተጨመረው?»

ለእንክብሉ 7,000ን በቃሌ አውቅ ነበር። ለዚህኛው ግን ታህቱ አፌ ላይ አልነበረም። ግራፉን ስሠራ አይቼዋለሁ፤ ዓምዶቹን ያቆምኩት በእሱ ነው። ግን እንደ ቁም ነገር አልያዝኩትም። ለሰው ስጮህ የከረምኩበትን ስሕተት፣ በዚያው ክፍል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ራሴ ደገምኩት።

በዚያ ምሽት ወደ ዓመታዊው የፅንስ ማቋረጥ ሠንጠረዥ ተመለስኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት 13,000ውን መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ ሠንጠረዡን የከፈትኩት በኋላ፣ ለግራፉ ብቻ ነው። በ1995 ወደ 154,000፣ በ1996 ደግሞ ወደ 168,000 ይላል። ልዩነቱ በእርግጥ ከ13,000 ያልፋል፤ ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። በመቶኛ ሲሰላ ግን ጭማሪው 9 በመቶ አካባቢ ነው። የእኔ ግራፍ ከ150,000 ስለ ጀመረ አጭሩ ዓምድ የ4,000፣ ረጅሙ የ18,000 ቁመት አላቸው። ዓይን የሚያየው ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት ነው። ዓምድን ዓይን የሚለካው በርዝመቱ ነው፤ እግሩን ከቆረጡት ርዝመቱ ሌላ ነገር ይናገራል። ከዜሮ ቢጀምር ኖሮ ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሊተካከሉ ምንም ያህል አይቀራቸውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም እኔንም አስደንግጦኛል። ሠንጠረዡ ሁለት ዓይነት ድምር አለው። አንደኛው የአገሩን ነዋሪዎች ብቻ ይቆጥራል፤ ሌላው ለሕክምናው ከውጭ የመጡ ሴቶችንም ይጨምራል። የሁለተኛው የ1996 ድምር ወደ 177,000 ይደርሳል። የ1995ን ከአንደኛው፣ የ1996ን ከሁለተኛው የወሰደ ሰው ልዩነቱን 20 ሺህ ያሻግረዋል። እኔ በዚህ አልተሳሳትኩም፤ ግን ያልተሳሳትኩት አጣርቼ ሳይሆን ዕድል ሆኖልኝ ነው። ምንጭ ማጣራት ማለት ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ማግኘት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሠንጠረዡን ዓምድ ርእስ፣ ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ማን እንደተቆጠረና ማን እንደቀረ ማንበብ ነው ዋናው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድኩ። በ1990 ወደ 174,000 ነበር። ከ1996 ይበልጣል! ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየወረደ መጥቶ በ1995 ነው 154,000 የደረሰው። ሁለት ዓምድ ብቻ ያየ ሰው ይህን በምን ያውቃል? የመስመር ግራፍ ሠራሁ፤ ከ1990 እስከ 1998። የመስመር ግራፍ ከዜሮ ካልጀመረ ነውር የለበትም፤ እዚያ ዓይን የሚከተለው ቁመትን ሳይሆን አቅጣጫን ነው፤ መነሻውን በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው የሚፈለገው። መስመሩ አምስት ዓመት ወረደ፤ 1996 ላይ ድንገት ተቀለበሰ።

እና ይህን ሳይ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ያ መታጠፊያ ከሁለቱ ዓምዶች ይበልጥ ያሳምናል። አምስት ዓመት ሲወርድ የቆየ ነገር ማስጠንቀቂያው በወጣ ማግሥት ሲታጠፍ፣ ደብዳቤው እጁ አለበት ያሰኛል። በትክክለኛው ግራፍ ታሪኬ ይጠነክር ነበር ማለት ነው። ለምን ቆረጥኩት ታዲያ?

ግን መስመሩ ከ1996 በኋላም አልተመለሰም። በ1998 ወደ 178,000 ወጥቷል። ድንጋጤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹ ሲረጋጉ መስመሩም ይረጋጋ አልነበር? ወይስ በእንክብሉ ላይ የነበረው እምነት እንደተሸረሸረ ቀረ? ወይስ ሌላ ምክንያት ተደርቦበታል? ሠንጠረዡ ስንት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። «ተጨማሪ» የምትለዋ ቃል ራሷ፣ ሳላስበው፣ «በደብዳቤው ምክንያት» ማለት ሆናብኛለች።

የእንክብሉም ግራፍ ቢሆን አላረፈልኝም። 1 እና 2 ብሎ ዓምድ ማቆም፣ ከዜሮ ቢጀምርም ያስፈራል፤ ሕጉ ሁሉ ተጠብቆ እንኳ 7,000ው የትም አይታይም። ስለዚህ ነጥብ አስቀመጥኩ፤ በአግድም 100፣ በቁልቁል 70፣ በጠቅላላው 7,000 ግራጫ ነጥብ፣ ከውስጡ ሁለት ቀይ። ለአርታኢዬ አሳየኋቸው። ቀዩን ለማግኘት ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉ። ይህ ነው፣ አልኩ በልቤ፣ አደጋውን በልኩ የሚያሳየው።

«ሚሊዮን ሴት ብትውጠውስ?» አሉኝ።

አሰላሁት። ወደ 143 ተጨማሪ ሴቶች። በነጥቦቹ መካከል ልትታይ ያልቻለችው አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ክፍል ሙሉ ሰው ሆነች። በሌላ በኩል እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ የበለጠ የደም መርጋት አደጋ አለው፤ እንክብሉን የተወች ሴት ወደ ዜሮ አትመለስም። ያንን በየትኛው ነጥብ ልሣለው? ለአንዲት ሴት የሚነገረውና ለጤና ባለሥልጣን የሚነገረው አንድ ግራፍ ላይ ይገባሉ? እኔ እንጃ።

አዲሱን የመስመር ግራፍ አሮጌው ቦታ ላይ ተክቼዋለሁ፤ ምን እንደተቀየረም ከሥሩ ጽፌያለሁ። ድምፁን ግን ገና አልነካሁትም። ትናንት ማታ ከፍቼ ሰማሁት፤ 13,000 እላለሁ፣ ከዚያ ያ ዝምታ ይመጣል። ቁጥሩን ልቁረጠው ወይስ ዝምታውን... ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት፤ ከዚያ ዘጋሁት።