ንድፈ ሐሳቡ የት ይቀመጥ? ከሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ የተነሳ ንግግር

የተከበራችሁ አማካሪዎች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንግዶቻችን፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜክሲኮ ብትደርሱ፣ ወደ ሳሪስ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ተጠማዝዞ ታገኙታላችሁ። እዚያው አጠገብ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ይሄዳል። ታዲያ ሰዉ ባቡሩን ትቶ ለምን ታክሲ ይሰለፋል? ሁለት ተማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ወጡ እንበል። አንደኛዋ ከንድፈ ሐሳብ ወደ መረጃ በሚወርደው በዲዳክቲቭ መንገድ፣ ሁለተኛው ከመረጃ ወደ ንድፈ ሐሳብ በሚወጣው በኢንዳክቲቭ መንገድ። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ንድፈ ሐሳብ በሁለቱ ጥናቶች ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ቦታው ሲሳሳት ደግሞ የሚበላሸውን ነገር ነው።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ከጥቅሉ ትነሳለች። የመረጠችው የአይሴክ አይዘንን የታቀደ ባሕርይ ንድፈ ሐሳብ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ የሚያቅደው በሦስት ነገሮች ተገፍቶ ነው ይላል፦ ስለ ነገሩ ባለው አመለካከት፣ የቅርብ ሰዎቹ ከእሱ ይጠብቃሉ ብሎ በሚያስበው፣ ነገሩን ማድረግ በእጄ ነው ብሎ በሚያምነው መጠን። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ አለ። መላ ምቶቹ የሚወጡት ከእሱ ነው፤ ዕቅዱንና ምርጫውን ራሱን ከሚጠይቁት በቀር፣ የመጠይቁ እያንዳንዱ መስመርም ከሦስቱ የአንዱ ልጅ መሆን አለበት። «በባቡር መሄድ ለእኔ ምቹ ነው» የሚለው አመለካከትን ይለካል፤ «ከፈለግሁ በሚቀጥለው ሳምንት በባቡር ለመመላለስ የሚያግደኝ የለም» የሚለው ሦስተኛውን። አባቱ የማይታወቅ ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ ከተገኘ ይውጣ።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎች ደህና ይሄዳሉ። ስህተቱ የሚመጣው መረጃ ሲሰበሰብ ነው። ተማሪያችን 384 የምትለዋን የታወቀች ቁጥር ትይዛለች። ቁጥሯ የመጣችው ከ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና ከ5 በመቶ የስህተት ልክ ነው፤ የምትሠራውም ናሙናው በዕጣ ሲመረጥ ብቻ ነው። ተማሪያችን ግን ሰልፉ ላይ ቆማ 384 ሰው ትጠይቃለች። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ታክሲን አስቀድሞ መርጧል። ልታብራራው የፈለገችው ነገር፣ ማለትም ባቡር ወይስ ታክሲ የሚለው ምርጫ፣ በመረጃዋ ውስጥ አንድ ዓይነት መልስ ብቻ አለው። የማይለዋወጥን ነገር በምንም ስሌት ማብራራት አይቻልም። ሶፍትዌሩ ስለ ምርጫው የሚረባ ውጤት እንቢ ሲላት ጥፋቱን በንድፈ ሐሳቡ ታሳብባለች፤ ንድፈ ሐሳቡ ግን ገና አልተፈተነም። ለመፈተን በዚያው ሰዓት ባቡሩን የሚጠብቁትንም መጠየቅ ነበረባት፤ ከዚያም የተሻለው ከመስመሩ ዳር ባሉ ሰፈሮች ቤቶችን በዕጣ መርጦ የሁለቱንም ተጠቃሚ ማግኘት ነው።

ሁለተኛው ተማሪ እዚያው ሰልፍ ላይ ይጀምራል፤ ለእሱ ግን ስህተት አይደለም። ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ በ1967 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁትን መንገድ ይከተላል፤ ከመረጃው ተነስቶ ንድፈ ሐሳብ መገንባት። ቃለ መጠይቁን በአንድ ክፍት ጥያቄ ይከፍታል፦ «ትናንት ከሥራ ሲወጡ እንዴት ቤት እንደደረሱ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» አንዲት እናት «ሰልፉን ሳይ ከፊቴ ስንት ሰው እንዳለ አውቃለሁ» አሉት እንበል። አንዱ ወጣት ደግሞ «ሦስት ታክሲ ከመጣ እኔ ጋ ይደርሳል» አለ። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል ብለን ብናስብ፣ ከፊቱ 30 ሰው ያለ ሰው ተራው በሦስተኛው ታክሲ እንደሚደርስ ቆጥሮ ያውቃል። ተማሪው በማስታወሻው ዳር «የሚቆጠር ጥበቃ» ብሎ ኮድ ይሰጠዋል።

ቀጥሎ የሚያደርገው ነው ዋናው። ኮዱን ይዞ ተመሳሳይ መልስ ለማብዛት ሌላ ሃያ ሰው ከዚያው ሰልፍ አይጠይቅም። ሐሳቡ ሊፈርስበት ወደሚችልበት ቦታ ይሄዳል፦ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ከዚያም ወደ አውቶቡስ ሰልፍ። አውቶቡስም ሰልፍ አለው፤ ሰዉም ይቆጠራል፤ ይሁንና ሰዎች ጥለውት ሲሄዱ ያያል እንበል። እንግዲያው የሚታይ ሰልፍ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ሰልፉ እየተንቀሳቀሰ መሆኑም መታየት አለበት። ኮዱ ተስተካክሎ «ሲቀነስ የሚታይ ጥበቃ» ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚሰማው አዲስ ቃል ምድቡን ካልለወጠው ያቆማል። ንድፈ ሐሳቡ የሚገባው እንግዲህ በምዕራፍ አራት መጨረሻና በምዕራፍ አምስት ነው። አይዘንም የሚጠራው ያኔ ነው፤ «በእጄ ነው» የሚለው እምነት ከቆጠራው ጋር ይገናኛል ወይ ተብሎ እንዲነጻጸር።

አስቀድሞ ማንበብስ? በዚህ ላይ ሁለቱ መሥራቾች ራሳቸው በኋላ ተለያይተዋል። ግሌዘር ንባቡ ይቆይ አለ፤ ስትራውስ ደግሞ አስቀድሞ ማንበብ አይከለከልም አለ። እኔ ከስትራውስ ጋር ነኝ፤ ምንም ያላነበበ ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል፣ ካገኘነውም ፕሮፖዛሉ አያልፍም። አደጋው ያነበቡትን ጥያቄ ውስጥ መሸጎጡ ነው። «ባቡሩን መጠቀም በእጅዎ እንደሆነ ይሰማዎታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ቀደም ብሎ ያስገባውን ንድፈ ሐሳብ መልሶ ያወጣና «ከመረጃው ፈለቀ» ይላል። ይህን ለማወቅ የጥያቄዎቹን ቅጽ ከግኝቱ አርእስት ጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ቃል በቃል ከገጠሙ ፈልቋል የተባለው አስቀድሞ ተቀድቶ የገባ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ዲዳክቲቭ ነኝ የሚል ሰው 20 ግንኙነቶችን ፈትሾ የሠራለትን አንዱን ያነሳና ምዕራፍ አንድ ላይ መላ ምት አድርጎ ይጽፈዋል። በ0.05 መለኪያ ከሄድን ደግሞ፣ ሃያውም እውነት የሌለባቸው ቢሆኑ እንኳ፣ በአማካይ አንዱ በአጋጣሚ «አለ» ይለናል። ያ ሰው የሠራው ኢንዳክሽን ነው፤ የለበሰው የዲዳክሽን ልብስ ነው። ነገሩን ማየት በራሱ ነውር የለበትም። «ይህ ግንኙነት ከመረጃው የተገኘ ስለሆነ በሌላ መረጃ ይፈተን» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የሁለተኛውም ተማሪ ገደብ ይኸው ነው፦ «ሲቀነስ የሚታይ ጥበቃ» በተወለደበት ቃለ መጠይቅ ሊረጋገጥ አይችልም። ሌላ ሰው ከዚያ ተነስቶ መላ ምት ያወጣል፤ ለምሳሌ ጣቢያው ላይ የሚቀጥለው ባቡር የቀረው ደቂቃ ቢለጠፍ ከሰልፉ ወደ ባቡሩ የሚሻገር ሰው ይኖራል የሚል። ያኔ ከመረጃ የወጣው ንድፈ ሐሳብ በሌላ ጥናት ምዕራፍ አንድ ላይ ይቀመጣል።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። የፕሮፖዛል ቅጾች ብዙ ጊዜ «የንድፈ ሐሳብ ማዕቀፍ» የሚል ክፍል ያስገድዳሉ፤ ኢንዳክቲቭ የሚሠሩ ተማሪዎችም ክፍሉን ለመሙላት የማይጠቀሙበትን ንድፈ ሐሳብ ይለጥፋሉ። ባዶ አትተዉት፣ አትዋሹበትም። በሁለት አንቀጽ፣ መስኩን ስትገቡበት የያዛችኋቸውን ጽንሰ ሐሳቦች ጥቀሱ፤ በሦስተኛው ደግሞ ነባር ንድፈ ሐሳቦች የሚነጻጸሩት ምድቦቹ ከረጉ በኋላ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ጻፉ። የኮድ ማስታወሻዎቻችሁ ላይ ቀን አስፍሩ። ፈታኙ «ይህን ሐሳብ ከመስክ በፊት ነበር ወይስ በኋላ ያገኛችሁት?» ሲል የምታሳዩት ያንን ቀን ነው።

አመሰግናለሁ።