ልጄ፣ ይሄን የት ላስቀምጠው?

እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሰማያዊው ደብተር ነው፣ የብረት ወንበር መሥሪያዬን ዕቅድና ሒሳብ ስለምጽፍበት። አዎ፣ ስለዚያው ደብተር። ጨርሼዋለሁ ብያችሁ ነበር፤ አልጨረስኩትም።

ቀቢያችን በሩ ላይ ቆመዋል። ወንበሩን በሁለት ጣት፣ ገና ቀለም ያልነካው እግሩ ጋ ይዘውታል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ እርጥብ ነው። ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና «ልጄ፣ ይሄን የት ላስቀምጠው?» አሉኝ።

ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። ዕቅዱ ላይ መቁረጫው አለ፣ ብየዳው አለ፣ ቀለሙ አለ። የሚደርቅበት ቦታ ግን የለም።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። የስራ ቀን 8 ሰዓት ነው፣ 480 ደቂቃ። ማሽን ማዘጋጀቱ፣ ዕቃ ማቀባበሉ፣ ጽዳቱ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 400 ገደማ ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። የአንድ ወንበር ቱቦላሬ ለመቁረጥ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ መቁረጫው በቀን 80 ያደርሳል። ለመበየድ 25 ደቂቃ፤ አንድ በያጅ 16 ይጨርሳል። እዚህ ላይ «ብየዳው ነው የሚያንቀን» አልኩ። ሁለተኛ መበየጃ ገዛሁ፣ ሁለተኛ በያጅ ቀጠርኩ፣ 32 ብዬ ጻፍኩ። አሰምሬበታለሁም።

ቀለሙ ሁለት ዙር ነው። ጠዋት አንቲረስት ይቀባል፣ ከሰዓት ዋናው ቀለም፣ ከዚያ ያድራል። ስለዚህ አንዱ ወንበር ቦታውን ቀኑንም ሌሊቱንም ይይዛል። የሚደርቅበት ክፍል የሚችለው ደግሞ 14 ወንበር ነው። 14! ሁለት በያጅ ይኑር አስር፣ በቀን የሚወጣው 14 ነው። ለካ አንዱ በያጅ ብቻውን እንኳ በሁለት ይበልጠው ነበር።

እኔ መቀባቱን ነበር የቆጠርኩት። መቀባት የሰው ደቂቃ ነው፣ ማድረቅ የቦታ ሰዓት ነው። ሰው ስለማይሠራበት ስራ አልመሰለኝም።

በየቀኑ 18 ያልተቀባ ወንበር ይተርፋል። በሳምንቱ ግቢው ሞላ። ያልተቀባ ብረት ደግሞ አይጠብቅም። አንድ ዝናብ ዘነበና ጠዋት ስንመጣ የብየዳው መገጣጠሚያ ሁሉ ቀልቷል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መልሶ ማንሳት ያዝን። ማን ያንሳ? ቀቢው። ያው የተጨናነቀው ሰው ላይ ሌላ ስራ ጫንኩበት ማለት ነው።

እና አሁን የሚከነክነኝ እዚህ ጋ ነው። ሁለተኛውን በያጅ «ለጊዜው ቤት ቆይ» አልኩት። ልጁ የነበረበትን ስራ ለቆ ነው እኔ ጋ የመጣው። እሺ አለ፣ ጓንቱን አጣጥፎ መበየጃው ላይ አስቀመጠ። ጓንቱ አሁንም እዚያው ነው።

...ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።

ባለፈው እሁድ ከቀቢያችን ጋር ሁለት ደርብ መስቀያ ሠራን። ወንበሩ መሬት አይቀመጥም፣ በመንጠቆ ይሰቀላል። ቦታው 28 ያዘ! በጣም ነው ደስ ያለኝ። አየር እንዲዘዋወር ከላይ መስኮት ከፈትንለት፤ ያለዚያ የታችኛው ደርብ ሲነኩት ይለጠፋል። አሁን ማነቆው ተመልሶ ብየዳው ሆነ፤ አንዱ በያጅ 16 ነዋ። እንግዲህ ልጁን መጥራት ነው፣ አይደል?

ቆይ ግን። አንድ ወንበር አንድ ሙሉ ቱቦላሬ ይበላል። አቅራቢያችን ካዘዝነው ለማድረስ 6 የስራ ቀን ይፈጅበታል። በ14 ሒሳብ 84 ቱቦላሬ ሲቀረኝ አዝዝ ነበር። በ28 ከሆነ 168 ሲቀረኝ ማዘዝ አለብኝ፣ ቢዘገይ ደግሞ የሁለት ቀን መጠባበቂያ፣ 56 ተጨማሪ። ያን ሁሉ የት ላስቀምጠው? ማድረቂያው ክፍል ግድግዳ ስር? አያችሁ፣ የሳቸውን ጥያቄ እኔው ደገምኩት።

ሁለተኛ አቅራቢ መያዝ አለ። አንዱ ግን ከለመድነው የሚሳሳ ቱቦላሬ አምጥቶልን ብየዳው እየበሳው አስቸግሮናል። የብየዳውን ጉልበት መቀነስ፣ 25 ደቂቃው 30 መሆን... እንደገና ሒሳብ።

ስልኩን ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ደውዬ ና ብለውና ቱቦላሬው አልቆ በሳምንቱ መልሼ ቤት ቆይ ብለውስ? ሁለቴ እንዲህ አይደረግም። ቱቦላሬው እስኪገባ ልጠብቅ ደግሞ... እሱ እስከዚያ ሌላ ቦታ ይገባል። ምናልባት ገብቷልም። እና ጓንቱን ሳየው...

እስቲ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ቱቦላሬውን ልቁጠር። ከዚያ...