ቡናችሁ ኮመጠጠ፣ መረረ፣ ቀጠነ ወይስ ለዛ አጣ? ምክንያቱን ከስኒው እንለይ

[በምስል፦ ጀበና ምድጃ ላይ፣ እንፋሎት ከአፉ እየወጣ]

እህቴ ዱባይ ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ደወለችልኝና «አንተ፣ ቡናዬ ይመራል፤ ደግሞ ቀጭን ነው። ቀጭን ከሆነ እንዴት ይመራል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቡና ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ መምረሩ ወይም መኮምጠጡ ሌላ ነገር። ውፍረቱን የሚወስነው ለውሃው ስንት ቡና እንደጨመራችሁ ነው። መምረርና መኮምጠጡን ግን ውሃው ከቡናው ውስጥ ምን ያህል ጣዕም እንዳወጣ ይወስነዋል። በእርግጥ አቆላሉም አለበት፤ እመጣበታለሁ።

ውሃ ሁሉንም ጣዕም በአንድ ጊዜ አያወጣም። ቀድሞ የሚወጣው ኮምጣጣው ነው። ከዚያ ጣፋጩ ይከተላል፣ መራራው ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ ቶሎ ያወጣችሁት ቡና ይኮመጥጣል፣ እሳት ላይ ብዙ የቆየው ይመራል።

[በምስል፦ ሁለት ስኒ ጎን ለጎን]

መጀመሪያ ሁለቱን እንለያቸው፣ ምክንያቱም ኮምጣጣውን «መራራ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ኮምጣጣ ገና ፉት እንዳላችሁ ይመጣል፣ እንደ ሎሚ ምራቅ ያመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። መራራ የሚሰማችሁ ከዋጣችሁ በኋላ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ አፍም ያደርቃል። ስትቀምሱ ስኳር አትጨምሩ፣ ቡናውም ትንሽ በረድ ይበልላችሁ። የሚያቃጥል ቡና ጣዕሙን አያሳይም።

እህቴን ከዋጠች በኋላ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል» አለች። እንግዲያው መራራ ነው።

ቀጥሎ ስኒው ላይ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምራ እንድትቀምሰው ነገርኳት። ይህን ሙከራ በጣም እወደዋለሁ፤ ምንም አያስወጣም፣ ብዙ ነገር ግን ይናገራል። ውሃ ሲጨመርበት ቡናው ደህና ከሆነ ችግሩ ቡና መብዛቱ ብቻ ነበር። ቀጥኖም ከመረረ ግን ወይ ቁላቱ አርሯል ወይ አፈላሉ ላይ ስህተት አለ። የእሷ ቀጥኖም መረረ።

[በምስል፦ የተቆላ ፍሬ በቢላ ለሁለት ሲከፈል]

ከቆላችው ውስጥ ሦስት አራት ፍሬ ሰብራ ውስጡን እንድታይ ጠየቅኳት። ውጭና ውስጡ አንድ ዓይነት ቡናማ ነው፣ ቅባትም አላወጣም። ቁላቱ ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ጀበናው ሄድን፤ ስንት ውሃ፣ ስንት ቡና፣ ስንት ደቂቃ?

መልሱ እዚያ ነበር። ለግማሽ ሊትር ውሃ 20 ግራም ቡና ነው የጨመረችው። ሲፈላ መልኩ ገርጥቶ ስታየው «ይወፍር» ብላ ከአስር ደቂቃ በላይ እሳት ላይ አቆየችው። ቡናው ግን ያለው ያው 20 ግራም ነው። መልካሙን ጣዕም ቀድሞ ሰጥቷል፣ በተጨማሪው ደቂቃ የወጣው መራራው ነው። ቀጭንም መራራም የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዱባይ ጨምራባታለች። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ናት፣ እዚያ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው በሞቀ ቁጥር ጣዕሙን ቶሎ ያወጣል። እናታችን ቤት የለመደችውን ያህል ደቂቃ እዚያ ብታፈላው እንኳ የበለጠ ይመራል። ወደ ቆላ ወይም ወደ ውጭ አገር የሄዳችሁ ሰዎች ይህን አስቡበት፤ ቡናው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 40 ግራም ቡና። ውሃው ሲፈላ ቡናው ይጨመራል፣ እስከ ጀበናው አንገት ሲወጣ ከእሳት ይነሳል፣ ትንሽ ዝቅ ሲል አንዴ ደግሞ ይመለሳል፣ በቃ። ከዚያ ጀበናው ማቶቱ ላይ አራት አምስት ደቂቃ ይስከን። ሳይሰክን ከተቀዳ ደቃቁ ስኒ ውስጥ ገብቶ እዚያም ጣዕም ማውጣቱን ይቀጥላል፣ የመጨረሻው ፉት የሚመረውም አንዳንዴ ለዚህ ነው። አተላው ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀር ወደ ስድስት ትንንሽ ስኒ ይወጣችኋል። 40 ግራም ከወፈረባችሁ ወደ 35 አውርዱት። ደቂቃውን ግን አትንኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

[በምስል፦ ብረት ምጣድ ላይ ቡና ሲቆላ]

የናንተ ችግር መኮምጠጥ ከሆነስ? እኛ ቤት ውስጥ ስለምንቆላ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቁላቱን ነው። እሳቱ ሲበረታ ፍሬው ውጭው ቶሎ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን ገና ነው። ስትሰብሩት መሀሉ ገርጣ ያለ ከሆነ አገኛችሁት። እንዲህ ያለ ቡና ከፊት ይኮመጥጣል፣ ከኋላ ይመራል፣ ሳር ሳርም ይላል። የፈለጋችሁትን ያህል ብታፈሉት አይድንም። በሚቀጥለው ጊዜ እሳቱን መካከለኛ አድርጉ፣ ምጣዱ ላይ ፍሬ በፍሬ እንዳይደራረብ ቀንሱ፣ እጃችሁ ከማማሰል አይቦዝን። ጠሽ ጠሽ ማለት ሲጀምር ሰዓት ያዙ፣ ድምፁ እየሳሳ ሲመጣ አውርዱና ወዲያው ሰፌድ ላይ በትኑት። ምጣዱ ላይ ከተተወ ከእሳት ወርዶም መቆላቱን ይቀጥላል።

ቁላቱ ደህና ሆኖ ከኮመጠጠ ውቅጡን እዩ። ሸካራ ከሆነ ውሃው ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያጣል። ትንሽ አልሙት። ደግሞ የታጠበ ይርጋጨፌ ከሆነ የያዛችሁት፣ በተፈጥሮው ለስለስ ያለ ኮምጣጣነት አለው፤ ከኋላው ጣፋጭነት ከተከተለ ጥፋት አይደለም፣ ተዉት።

[በምስል፦ የተፈጨ ቡና በፌስታል]

ቀረን ለዛ ያጣው። አይመርም፣ አይኮመጥጥም፣ ቀጭንም አይደለም፣ ግን ምንም የለውም። ብዙ ጊዜ የቆየ ቡና ነው። ከተቆላ በኋላ ፍሬው ውስጥ ጋዝ ይቀራል፣ ትኩስ ቡና ላይ የፈላ ውሃ ስታፈሱ አረፋ የሚያነሳው እሱ ነው። አንድ ማንኪያ ቡና ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ውሃ አፍሱበት። ዝም ብሎ ከረጠበ ሽታውም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። በፍሬው ሳለ ሳምንታት ሊቆይ የሚችለው፣ ከተፈጨ በኋላ በቀናት ውስጥ ይለዛል።

ትኩስ ሆኖም ከለዘዘ ውሃውን ጠርጥሩ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ፣ ድሬዳዋ የኖረ ያውቀዋል፣ የቡናውን ኮምጣጣነት ስለሚያጠፋ ጣዕሙ ይደነዝዛል። አንድ ጀበና በታሸገ ውሃ አፍሉና ከቧንቧው ጋር አወዳድሩት።

እህቴ ለጠዋት የምትጠቀመው ከአገር ቤት ተፈጭቶ የተላከላትን ነበር። ብርጭቆ ውስጥ ውሃ ስታፈስበት አንድም አረፋ አላነሳም። እናታችን አሁን የምትልክላት ጥሬውን ነው።