ኔት ሲመለስ የማን ጽሑፍ ይቀራል?

ዳዊት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ኔት ጠፍቶ በሥራ መከታተያ አፕ ላይ የጻፍነው ነገር፣ በኋላ ሲንክ ሲያደርግ የባልደረባችንን ጽሑፍ እንዳያጠፋ ነው።

ሄለን፦ ከሱ በፊት፣ ስልክህ ስንት ሰዓት ይላል?

ዳዊት፦ ጀመረች! ሦስት ከሃያ።

ሄለን፦ የእኔ 9:20 ይላል። አድማጮች፣ ይሄ ሰውዬ የስልኩን ሰዓት በእጁ ወደ ሀበሻ ሰዓት መልሶ ነው የሚኖረው።

ዳዊት፦ አባቴም እንደዚሁ ነው። ጠዋት ዘጠኝ ሰዓት የሚባል ነገር አላውቅም።

ሄለን፦ አውሮፕላን ያመልጥህና እናያለን።

ዳዊት፦ ትኬቱን ስድስት ቀንሼ ነው የማነበው! ለእናንተ ነው እንጂ የሚከብደው።

ሄለን፦ (ሳቅ) እሺ፣ ግን ሰዓትህ የዛሬው ጉዳይ ውስጥ አለበት። ብዙ አፖች ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲጽፍ መጨረሻ የጻፈውን ነው የሚያስቀሩት። ታዲያ መጨረሻ የጻፈው ማነው? አፑ የስልኩን ሰዓት አምኖ የሚፈርድ ከሆነ፣ አንተ አሁን የጻፍከው ከስድስት ሰዓት በፊት የተጻፈ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ትሸነፋለህ።

ዳዊት፦ ኧረ! ታዲያ የስልኩን ሰዓት ለምን ያምናል? ሰርቨሩ በደረሰው ተራ አይፈርድም?

ሄለን፦ እንደዚያ የሚያደርጉ አሉ። ግን ያኛውም የራሱ ጣጣ አለው። እንበል ለስልጠና ጀነሬተር እንከራያለን። አፑ ውስጥ የሥራው ማብራሪያ ላይ «ዋጋ 18,000 ብር» ይላል። እኔ አራት ሰዓት ላይ ኔት የሌለበት ቦታ ሆኜ «ሹፌሩ በኋላ በር ይግባ» ብዬ ጨመርኩበት። አንተ ቢሮ ሆነህ አምስት ሰዓት ላይ ዋጋውን 21,000 ብለህ አረምክ። ሰባት ሰዓት ላይ ኔት አገኘሁ። ምን ይሆናል?

ዳዊት፦ የኋላው በር ይጨመራላ።

ሄለን፦ ይጨመራል፣ ግን ዋጋው 18,000 ሆኖ ይመለሳል። ስልኬ የላከው አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ አይደለም፣ ማብራሪያውን በሙሉ ነው። ቀድሜ ጽፌ ዘግይቼ ስለደረስኩ ያንተን እርማት ዋጥኩት።

ዳዊት፦ ማንም ሳያውቅ?

ሄለን፦ ቀይ ነገር አይበራ፣ ምን አይበራ። የሥራው ታሪክ የሚለውን ከፍተህ ካላየህ በቀር አታውቅም። እዚያ ላይ «ሄለን ማብራሪያውን ቀየረች» ካንተ እርማት በኋላ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። አንዳንዱ አፕ ደግሞ መቀየሩን ብቻ ይነግርህና የቀድሞውን ጽሑፍ አያሳይህም።

ዳዊት፦ እኔ ኃላፊውን፣ አንቺ ቀኑን ብንቀይርስ?

ሄለን፦ እሱ ብዙ ጊዜ ሰላም ነው። ደህና የተሠራ አፕ እያንዳንዱን ሳጥን ለየብቻ ስለሚልክ ሁለቱም ይቀራሉ። ጠቡ ያለው አንድ ሳጥን ላይ ነው፤ በተለይ ረጅም ጽሑፍ ያለበት ላይ። ስለዚህ ኔት ከሌለኝ ማብራሪያ አልነካም። ኮሜንት እጽፋለሁ። ኮሜንት ከሥር ይጨመራል እንጂ የማንንም አይተካም።

ዳዊት፦ ይሄ ግን ሥራውን ሰው ላይ መጣል ነው። አፑ ራሱ ቢጠይቀኝስ?

ሄለን፦ የሚጠይቁም አሉ። ማብራሪያው የቅጂ ቁጥር ይሰጠዋል። ሰባተኛውን ይዤ ወጣሁ፣ አንተ ስታርም ስምንተኛ ሆነ። እኔ ስመለስ ሰርቨሩ «የያዝሽው ሰባተኛው ነው፣ አልቀበልም» ይላል። ከዚያ አፑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳየኛል።

ዳዊት፦ በቃ፣ መፍትሔው ይሄ ነው!

ሄለን፦ አይደለም። ሃያ ሥራ ቀይረህ ስትመለስ ሃያ ጊዜ ሲጠይቅህ፣ ሦስተኛው ላይ ሳታነብ «የእኔ ይቅር» ትላለህ።

ዳዊት፦ እኔ አነባለሁ።

ሄለን፦ አንተ? የስልክ ሰዓት ማንበብ ያቃተህ?

ዳዊት፦ ሰዓቴን ተይው! እሺ፣ ለማብራሪያ ይጠይቀኝ፣ ለሌላው ዝም ይበል።

ሄለን፦ እሱ ያስኬዳል። ኮሜንቱን ግን አልተውም።

ዳዊት፦ ኔት ሲመለስስ ምን ላድርግ?

ሄለን፦ አፑን ክፈተውና ጠብቅ። ያልተላከው ነገር ስልክህ ውስጥ ተሰልፎ ነው ያለው። «በመላክ ላይ» ዓይነት ምልክት ካለ እስኪጠፋ ሌላ ነገር አትንካ። ከዚያ ታሪኩን አይተህ፣ ዋጋ የመሰለ ነገር ማብራሪያው ላይ ማስገባት ካለብህ ያኔ አስገባ።

ዳዊት፦ እንቢ ካለኝ እኔ ሎግ አውት አድርጌ ነው የምገባው።

ሄለን፦ በጭራሽ! ሎግ አውት ስታደርግ ወይ አፑን ከስልክህ ላይ ስታጠፋው ሰልፉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። መጀመሪያ የጻፍከውን ኮፒ አድርገህ ኖት ላይ አስቀምጥ።

ዳዊት፦ ስክሪንሾትስ?

ሄለን፦ ስክሪንሾትም ይሆናል፣ ግን እንደገና መተየብ ነው። ኮፒ ይሻላል።