መስከረም 21 ጠዋት የሆነው ነገር

እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር የማወራው፣ ባለፈው ቃል የገባሁትን ታውቃላችሁ፣ እሱ ይቆየን። ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር የተላከ አንድ የድምፅ መልእክት አለ፣ ሰምቼው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የላከችው መምህርት ናት። ስሟን አልጠራም።

ሒሳቧን በአራት ከፍላዋለች። ደሞዝ የሚገባበት አንድ፣ ኪራይና የመሳሰለው የሚከፈልበት የግዴታ አንድ፣ የአስቤዛ አንድ፣ የቁጠባ አንድ። እዚህ ደጋግመን የተነጋገርነው ነው። ባንክ ሄዳ ሦስት ቋሚ ትዕዛዝ አስሞልታለች፣ እነዚያን ስታንዲንግ ኦርደር የምንላቸውን፣ ባንኩ በየወሩ በተወሰነ ቀን ብሩን በራሱ የሚያዛውርባቸውን። ያደረገችው ሁሉ ልክ ነው። አንድም ያጠፋችው ነገር የለም፣ እና የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እጇ የሚገባው 15,000 ብር ነው። ከዚያ ውስጥ 9,000 ወደ ግዴታ፣ 4,500 ወደ አስቤዛ፣ 1,500 ወደ ቁጠባ። የደሞዝ ሒሳቡ ባዶ ይቀራል፤ ባዶ መቅረቱም ትክክል ነው። አስቤዛው በቀን 150 ብር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ዛሬ ስለ መጠኑ አይደለም የምናወራው።

ትዕዛዙን ያስሞላችው ሐምሌ 25 ነው። ደሞዝ በ25 ነው የሚገባላት። ሐምሌ 25 በፈረንጅ ኦገስት 1 ነው። ፎርሙ ላይ «በየወሩ በስንት ቀን?» የሚል አለ፣ የባንኩ ሲስተም ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ስለዚህ «በየወሩ በ1» ተብሎ ተጻፈ። ነሐሴ ላይ ደሞዝ በ25 ገባ፣ ኦገስት 31 ማለት ነው። በማግስቱ ሴፕቴምበር 1 ሦስቱም ትዕዛዝ አንድ በአንድ ሄደላት። ደስ አላት። ሠራ አለች። ማን አይልም?

እና መስከረም 21 ጠዋት።

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፣ ምክንያቱም መልእክቱን ስሰማ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። መስከረም 21 ኦክቶበር 1 ነው። ደሞዟ የሚገባው መስከረም 25፣ ማለትም ኦክቶበር 5። አራት ቀን ይቀራል። በመካከል ጳጉሜ ገብታለች፤ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ያለው 30 ቀን ሳይሆን 35 ቀን ነው። ባንኩ ይህን አያውቅም። እሱ 1 ቀን ደረሰ፣ ልላክ አለ።

በደሞዝ ሒሳቡ ውስጥ በዚያ ጠዋት 2,000 ብር ነበር። የክረምት ማስተማሪያ ክፍያ ዘግይቶ የገባላት ነው። ደሞዝ እስኪደርስ በዚያ ልትደርስበት አስባለች። ትዕዛዙ ለግዴታ 9,000 ፈለገ፣ በቂ ሒሳብ የለም፣ አለፈው። ለአስቤዛ 4,500 ፈለገ፣ የለም፣ አለፈው። ለቁጠባ 1,500 ፈለገ። አለ! ወሰደው። የቀረላት 500 ብር።

አያችሁ? ሦስቱ ትዕዛዞች እርስ በርስ አይተዋወቁም። «የቤት ኪራይ ካልተላከ ቁጠባው ይቆይ» የሚል ነገር ውስጡ የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ቀሪ ሒሳቡን ያያል፣ የሚበቃ ካለ ይወስዳል። ስለዚህ ገንዘብ ሲያንስ የሚሄደው ትንሹ ትዕዛዝ ነው፣ አስፈላጊው አይደለም። ቁጠባዋን ደግሞ ሆን ብላ ካርድም ሞባይል ባንኪንግም የሌለው፣ በደብተር ብቻ የሚወጣ አድርጋዋለች። ጥሩ ምክር ነው፣ እዚህም ብለነዋል። ያን ጠዋት ግን ያ ምክር ቅርንጫፍ ሄዳ እንድትሰለፍ አደረጋት።

ሌላው ደግሞ ዝምታው ነው። 1,500 ሲሄድ ኤስኤምኤስ መጣላት። ያልሄዱት ሁለቱ ግን ምንም አላሉም። የእሷ ባንክ ላልተላከ ገንዘብ መልእክት አይልክም። ስለዚህ ስልኳ ላይ ያየችው «ቁጠባ ገባ» የሚለውን ብቻ ነው፣ ሲስተሙ እየሠራ ነው ብላ አሰበች። ደሞዝ ኦክቶበር 5 ገባ፣ 15,000 እንዳለ ተቀመጠ፣ የሚከፋፍለው የለም፣ ቀጣዩ ትዕዛዝ ኖቬምበር 1 ነው። ያወቀችው ጥቅምት 1 ኪራይ ልትልክ የግዴታ ሒሳቡን ስትከፍት ነው።

ስለዚህ ትዕዛዝ በዋለ ማግስት ኤስኤምኤሱን አትዩ። የግዴታ ሒሳቡን ቀሪ እዩ። 9,000 ጨምሯል ወይስ አልጨመረም? ያ ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

ቁጭ ብዬ ዓመቱን በሙሉ አሰላሁት። የጥቅምት 25 ኖቬምበር 4 ላይ ይውላል። የኅዳር ዲሴምበር 4። የታኅሣሥ ጃንዋሪ 3፣ የጥር ፌብሩዋሪ 2፣ የየካቲት ማርች 4። እንዲህ እያለ ይሄዳል። «በ1» የተባለው ትዕዛዝ ከደሞዝ በኋላ የሚውለው ሴፕቴምበር ላይ ብቻ ነው፣ ኦገስት ላይ ደግሞ በዚያው ቀን። በቀሩት አሥር ወራት ከደሞዝ ይቀድማል። እሷ ያስሞላችው የሚሠራ በሚመስልበት ብቸኛ ወቅት ነው። ይሄ ነው ያልተዋጠልኝ።

በፈረንጅ ወር ደሞዝ የምትቀበሉ፣ ድርጅትና አንዳንድ የግል ኩባንያ ውስጥ የምትሠሩ፣ ይሄ ችግር የለባችሁም። ዛሬ ለእናንተ አይደለም።

መፍትሔው ቀኑን ወደ 7 ማዞር ነው። ለምን 7? ደሞዝ በ25 ሲሆን በፈረንጅ ከወሩ መጨረሻ እስከ ቀጣዩ ወር 5 ባሉት ቀኖች መካከል ይወዛወዛል፤ በጣም የሚቀድመው ኦገስት 31፣ በጣም የሚዘገየው ኦክቶበር 5 ነው። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 25 ኦክቶበር 6 ላይ ይውላል። 7 ከሁሉም በኋላ ነው። 25 እሁድ ሲውልና ክፍያው ሲዘገይም ትንሽ መተንፈሻ ይሰጣል።

እና እዚህ ጋ የሚገርም ነገር አለ፣ ሳሰላው ነው ያየሁት። ትዕዛዙ በ7 ሲሆን፣ መስከረም ላይ ደሞዝ በገባ በ2ኛው ቀን ይሄዳል። ጥር ላይ በ5ኛው ቀን። ሐምሌ ላይ በ6ኛው። ነሐሴ ላይ በ7ኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 7። ከዚያ ቀጣዩ ኦክቶበር 7 ነው፣ 30 ቀን። ማለትም አስቤዛ ሒሳቧ ጳጉሜን ጭራሽ አያያትም! አምስቷ ቀን በዓመቱ ውስጥ በትንሽ በትንሹ መዘግየት ተከፍላ አልቃለች። ለጳጉሜ የተለየ ብር ማስቀመጥ አያስፈልግም። በጣም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ሽግግሩ ግን አንድ ጊዜ ዋጋ አለው። ከደሞዝ እስከ 7 ያሉትን ቀኖች በሌላ ብር መሻገር አለባችሁ። በነሐሴ ደሞዝ ብትጀምሩ 7 ቀን፣ በእሷ ሒሳብ 1,050 ብር። በመስከረም ደሞዝ ብትጀምሩ 2 ቀን፣ 300 ብር። ስለዚህ በመስከረሙ ጀምሩ። ባንክ ስትሄዱ ደግሞ የሚነሣበት ሒሳብ፣ የሚገባበት ሒሳብ፣ መጠን፣ መጀመሪያ ቀን፣ ማብቂያ ቀን ይጠየቃል፤ ቀኑን «ኦክቶበር 7» ብላችሁ በቃል ተናገሩ። «27» ብላችሁ በእኛ ጽፋችሁ ከወጣችሁ በፈረንጁ 27 ሊመዘገብ ይችላል። «ብር ካልበቃ በማግስቱ ይሞክራል ወይስ ወሩን ይዘላል?» ብላችሁም ጠይቁ፤ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ጃንዋሪ 7 ደግሞ ገና ነው፣ ባንክ ዝግ ነው፣ ያን ወር በማግስቱ ራሳችሁ አረጋግጡ።

የኪራይ ቀንስ? ኦክቶበር 7 መስከረም 27 ነው፣ ኖቬምበር 7 ጥቅምት 28። ወር በገባ በ1 ለሚከፍል ይደርሳል። የሚጠበው አንድ ነው፣ ኦገስት 7 ራሱ ነሐሴ 1 ነው። የጳጉሜው ሴፕቴምበር 7 ደግሞ ለመስከረም 1 አራት ቀን ቀድሞ ይደርሳል።

እቁቡን ረሳሁት። ባለፈው ስለ እቁብ ስናገር የተቆጣችሁኝ፣ ይቅርታ፣ ዛሬም እመጣበታለሁ። እሷ እቁቡን ከግዴታ ሒሳብ ነው የምትከፍለው፣ እኔም እስማማለሁ። ቁጠባ ነው የምትሉኝ አላችሁ፤ ዕጣ እስኪወጣላችሁ እሺ፣ ከወጣ በኋላ ግን ዕዳ ነው፣ ዳኛውም ሌሎቹም ይጠብቃሉ። የእሷ በየእሁዱ 300 ነው። በወር አራት ጊዜ ብላችሁ 1,200 ካሰባችሁ፣ አምስት እሁድ ያለው ወር ሲመጣ ከኪራዩ ላይ ትነካላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ 1,500 ትይዛለች። በዓመት 18,000 ትመድባለች፣ 52 እሁድ 15,600 ይወስዳል፣ 2,400 ይተርፋል። ያን 2,400 ለዘመን መለወጫ... ወይ ለልጅ ምዝገባ... ይሄ ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል፣ ተውኩት።

ወደ ሰባቱ ቀን ልመለስ። ነሐሴ 25 ደሞዝ ገባ፣ እስከ ጳጉሜ 2 ድረስ 15,000 ብር በአንድ ሒሳብ ቁጭ ብሏል። ዶሮ የሚገዛበት ሳምንት ነው፣ ልብስ፣ ደብተር፣ ሁሉም ነገር። ያን ብር በካርድ መንካት ከተቻለ ይነካል፣ የሰው ጠባይ ነው። ስለዚህ ኤቲኤም ካርዱም ቴሌብሩም የሚያያዘው ከአስቤዛ ሒሳብ ጋር ብቻ ይሁን። በደሞዝ ሒሳቡ ላይ ካርድ ካለ መልሱት። ከዚህ በላይ ይህን ዘዴ የሚያፈርሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሞባይል ባንኪንግ ማዛወር ይቻላል እንግዲህ፣ እሱን መዝጋት አይቻልም፣ ወይም ይቻላል ግን ቅርንጫፍ መመላለስ ሊሆን ነው።

መጨረሻ ላይ የጠየቀችኝን አልመለስኩም። «ታዲያ ቁጠባው በስንት ቀን ይሁን?» ነው ያለችው። እኔ በ8 ብያታለሁ። ግዴታውና አስቤዛው በ7 ይሂዱ፣ ቁጠባው በማግስቱ ከተረፈው ላይ ይውሰድ፣ ብር ካነሰ የሚቀረው ኪራይ ሳይሆን ቁጠባ ይሁን። ትክክል ይመስለኛል። ግን ቁጠባ ቀድሞ ካልሄደ አይሄድም የሚለውን ስንት ዓመት ስናገር የኖርኩት እኔው ነኝ... እዚህ ግን ብሩ በካርድ አይነካም፣ አንድ ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል? ምንም። ደሞዝ ሲቆረጥ ነው ጥያቄው። በሆነ መዋጮ 1,000 ብር ቢቀነስ፣ ደሞዙ 14,000 ቢሆን፣ 9,000 ይሄዳል፣ 4,500 ይሄዳል፣ 500 ይቀራል፣ 1,500 የሚለው ትዕዛዝ ሙሉውን ካላገኘ ምንም አይወስድም። 500ም ሳትቆጠብ ትቀራለች። ቁጠባውን ለሁለት ከፍለን 500ና 1,000 የሚሉ ሁለት ትዕዛዞች ብናደርገውስ? ይሠራል። ግን ባንኩ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ክፍያ የሚቆርጥ ከሆነ... እሱን ጠይቂ ብያታለሁ፣ ገና አልመለሰችልኝም። በ8 ይሁን ላልኩትም ቢሆን፣ እስክትመልስልኝ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልቆረጥኩም።