ርካሽ ግን ጠንካራ ሻንጣ፦ ጎማ፣ ዚፕ፣ ጨርቅ

እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ሻንጣ እንመርጣለን። ዋጋው የማይጎዳ፣ ረጅም መንገድ ግን የሚችል።

ከጎማው እንጀምር። ሁለት ወይስ አራት? አራት ጎማ ያለው ለስላሳ ወለል ላይ በአንድ ጣት ይገፋል። ግን ጎማዎቹ ከሥር ወጥተው የቆሙ ናቸው። ሻንጣው ሲወረወር ወይም ከደረጃ ጠርዝ ሲጋጭ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው ጎማውን በያዘችው ቀጭን አንገት ላይ ነው። እሷ ተሰበረች ማለት ሻንጣው አንካሳ ሆነ። የሁለቱ ጎማ ግን ግማሹ ማዕዘኑ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ተለቅም ይላል፣ ጠጠር ላይ ይሄዳል። ክብደቱ በከፊል ክንዳችሁ ላይ ያርፋል፣ እውነት ነው። ቢሆንም በትንሽ ገንዘብ የምትገዙ ከሆነ እኔ ሁለት ጎማ እላለሁ። ከዚያ የውስጡን ገበር ክፈቱና እዩ፦ ጎማው በብሎን ከታሰረ ነገ ይቀየራል፤ በሪቬት ከተመታ መቀየሩ ከባድ ነው።

ዚፕ፣ ቶሎ ቶሎ። ብዙ ጊዜ ከዚፑ ራስ ጀርባ ቁጥር አለ፦ 5፣ 8፣ 10። የተዘጋው ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር በግምት ያ ነው። ለዋናው ክፍል 8 ወይም 10 ይሁን፤ 5 ለውጭ ኪስ ነው። ዘግታችሁ ማዕዘኑ ላይ ግራና ቀኝ ሳቡት። ጥርሱ ከተላቀቀ ተዉት፣ ዕቃ ሲሞላበት ይብሳል።

አሁን ጨርቁ። አስተያየት ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉት አለ፦ «1680 ዴኒየር ከ1050 ይበልጣል፣ ስለዚህ ይጠነክራል።» አይደለም! ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም። ዴኒየር የክር ክብደት ነው፦ 9000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል? ውፍረትን ይነግራችኋል፣ ጥንካሬን ግን ብቻውን አይነግራችሁም።

ሁለት ገመድ አስቡ። አንዱ ወፍራም ነው፣ ግን ከደካማ ክር ላላ ተደርጎ የተገመደ። ሌላው ቀጭን፣ ከጠንካራ ክር ጥብቅ ተደርጎ የተገመደ። ድንጋይ ላይ ፈግፍጓቸው። ወፍራሙ ቶሎ ይበጫጨራል፤ ቀጭኑ ይቆያል። ውፍረት ብቻ ስታዩ ወፍራሙን ትመርጣላችሁ፣ ድንጋዩ ግን ውፍረት ብቻ አያይም። ፖሊስተርና ናይለንም እንዲሁ ናቸው፤ መፈግፈግን ናይለን ይበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥር የሚነጻጸረው ናይለን ከናይለን፣ ፖሊስተር ከፖሊስተር ነው። (ይህ ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ለሌላው ጠያቂም አጋሩት።)

ሽመናውንስ? በጥፍር ገፋ አድርጉት። ክሩ ከቦታው ከሸሸ ልል ነው። ወደ ብርሃን አንሱት፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ከታየ ሻንጣው በአጭር ጊዜ ይሳሳል።

እስቲ እንሞክር። ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ሻንጣ። አንዱ 1680 ፖሊስተር፣ አራት ጎማ፣ ዚፕ 5። ሌላው 840 ናይለን፣ ሁለት ጎማ በብሎን የታሰረ፣ ዚፕ 10። የመጀመሪያው በጨርቅ ቁጥሩ ያማልላል፣ ግን ጨርቁ ሳይሳሳ ዚፑ ይከፈታል። ሁለተኛውን ውሰዱ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የታችኛውን ማዕዘን ዳብሱ። የፕላስቲክ መከላከያ ከሌለው መሬት የሚነካው ጨርቁ ራሱ ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው።