የጎጆውን አማካይ ሙቀት አትመኑት

የተከበራችሁ የእንቁላል ጎጆ ጠባቂዎች፣

የሰው ልጅ ጾታ የሚወሰነው ገና ሲጸነስ፣ በክሮሞዞም ነው። የአዞዎችና የአብዛኞቹ ኤሊዎች ጾታ ግን እንቁላሉ ሲጣል ገና አልለየም፤ የሚለየው በጎጆው ሙቀት ነው።

ሕጉ ለሁለቱም አንድ አይደለም። በባሕር ኤሊዎች ወሰኑ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝ ወንዶች፣ ሲሞቅ ሴቶች ይበዛሉ። የአዞ ዘመድ በሆነው አሊጌተር ደግሞ በ30 ዲግሪ የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው፤ 33 አካባቢ አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ፤ ወደ 35 ሲጠጋ ሴቶች ተመልሰው ይበዛሉ። ስለዚህ «ሙቀት ሴት ያደርጋል» የሚለውን አባባል ለኤሊ እንጂ ለአዞ አታውሉት።

ሙቀቱ የሚሠራው ግን በማንኛውም ጊዜ አይደለም። የፅንሱ ዕድገት ለሦስት ቢከፈል፣ ጾታ የሚለየው በመካከለኛው ሲሶ ነው። በዚያን ጊዜ የመራቢያ እጢው ወደ ሁለቱም ሊያዘነብል ይችላል። አሮማቴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት ከሠራ የወንዴውን ሆርሞን ወደ ኢስትሮጂን ይለውጠዋል፣ እጢውም የሴት ይሆናል። ካልሠራ የወንድ ይሆናል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ60 ቀን የሚፈለፈል የባሕር ኤሊ ጎጆ እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት 28፣ ቀጣዮቹ 20 ቀናት 28.5፣ የመጨረሻዎቹ 31.5 ዲግሪ ቢሆኑ አማካዩ 29.3 ይመጣል። መዝገቡን ያየ ሰው «ሴቶች ይበዛሉ» ይላል። የሚወጡት ግን በብዛት ወንዶች ናቸው፤ ወሳኙ 28.5 ነበርና። መጨረሻ ላይ የታየው ጭማሪ ከራሳቸው ከፅንሶቹ የወጣ ሙቀት ነው። መቶ ያህል እንቁላል ተቃቅፎ ሲያድግ ጎጆውን ያሞቀዋል፤ ያ ሙቀት ሲደርስ ግን ጾታው አስቀድሞ ተለይቷል።

መለኪያው እንቁላሎቹ መሀል ይቀመጥ፤ ዳር ላይ ከሆነ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣችኋል። ጎጆው እጅግ የሚሞቅ ከሆነ ጥላውን የምትሠሩት ከመካከለኛው ሲሶ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ጥላ ፅንሱን ከሞት ሊያተርፍ ይችላል እንጂ ጾታውን አይቀይርም። አሸዋውን ለማቀዝቀዝ ውኃ ስታጠጡም ልክ ይኑረው፤ እንቁላል በቅርፊቱ ስለሚተነፍስ በውኃ የተሞላ አሸዋ ውስጥ ይታፈናል። ጎጆ ማዛወር ካስፈለገ እንቁላሉ በተጣለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሁን። ከቆየ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል፤ ያኔ ማገላበጥ ይገድለዋል።

የተፈለፈሉትን በዓይን አይታችሁ ግን ወንድና ሴት አትቁጠሩ። የኤሊ ጫጩት ጾታ ከውጭ አይታወቅም፤ በእርግጠኝነት የሚለየው የመራቢያ እጢው ሲመረመር ነው። ለዚህም ሞተው የተገኙትን ጫጩቶች ከየትኛው ጎጆ እንደሆኑ ጽፋችሁ ለላቦራቶሪ አስቀምጡ።